መስመር የሌለው ሰንጠረዥ ሲመጣባችሁ

ልጆች፣ ስካን የተደረገ ሰነድ ወደ ዳታ በመቀየር ሥራ ላይ ከሆናችሁ ይህ ሰንጠረዥ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። የተሰመረ መስመር የለውም። አንዱ ረድፍ ነጭ፣ ቀጣዩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ለዓይን ምንም ችግር የለውም። መስመር ፈልጎ ረድፍ የሚለየው ኮዳችሁ ግን ባዶ እጁን ይመለሳል፤ የሚፈልገው ነገር ገጹ ላይ የለማ።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችሁ ወደ ጽሑፉ ትሮጣላችሁ። አንድ የጽሑፍ መስመር አንድ ረድፍ ነው ብላችሁ ትቆርጣላችሁ። ረጅም ስም ወይም አድራሻ ያለበት ሕዋስ ወደ ታች ሲታጠፍ ግን አንዱ ረድፍ ሁለት ይሆናል፣ ከዚያ በታች ያለው ቁጥር ሁሉ ይዛነፋል። ግራጫው እኮ ይህን ይነግራችሁ ነበር፤ የታጠፈው ጽሑፍ በአንድ ቀለም ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ቀለሙን አንብቡ።

መጀመሪያ ፋይሉን እዩ። ጽሑፉ በማውዝ የሚመረጥ ፒዲኤፍ ከሆነ ከምስል ጋር መታገል አያስፈልግም። ግራጫው ብዙ ጊዜ ቀለም የተሞላ አራት ማዕዘን ሆኖ ፋይሉ ውስጥ ተቀምጧል። `pdfplumber` ካላችሁ `page.rects` ብላችሁ የእያንዳንዱን `top` እና `bottom` ውሰዱ፤ በመካከላቸው የቀረው ክፍተት ነጩ ረድፍ ነው። አንዳንዱ ፋይል ለእያንዳንዱ ሕዋስ የየራሱን አራት ማዕዘን ስለሚስል `top` እና `bottom` አንድ የሆኑትን ማዋሃድ እንዳትረሱ። ይህ ቀላሉ ነው።

አስቸጋሪው ስካኑ ነው። በ200 ዲፒአይ የተነሳ የኤ4 ገጽ እንውሰድ። ነጩ ወረቀት ወደ 250 ያነባል፣ ግራጫው 238። ልዩነቱ 12 ብቻ ነው፣ ከ256 ደረጃ ውስጥ። ምስሉን ገና ሲከፍቱ ጥቁርና ነጭ ብቻ የማድረግ ልማድ ያላችሁ ይህችን 12 እዚያው ትቀብሯታላችሁ፣ ምክንያቱም ወሰኑ የሚወድቀው በጽሑፉና በወረቀቱ መሃል ስለሆነ ግራጫው ከነጩ ጋር አብሮ ነጭ ይሆናል። ያንን ለኦሲአር አቆዩት። ለረድፍ ዋናውን ምስል ተጠቀሙ።

ከዚያ ለእያንዳንዱ የፒክስል አግድም ረድፍ አንድ ቁጥር ታወጣላችሁ፦ ከጽሑፉ ጀርባ ያለው ቀለም ምንድነው? አማካይ መውሰድ ያምራል፣ ግን ያሳስታል። አስሉት። ነጭ ረድፍ ላይ 15 በመቶው ቀለም 40 የሆነ ጽሑፍ ቢሆን አማካዩ 218 ገደማ ይሆናል። ባዶ ግራጫ ደግሞ 238 ነው። ነጩ ከግራጫው ጠቆረ ማለት ነው! ስለዚህ አማካይ የሚያሳያችሁ ጽሑፉን ነው፣ ቅቡን አይደለም። 75ኛውን ፐርሰንታይል ውሰዱ፣ ማለትም ፒክስሎቹ ከጥቁር ወደ ነጭ ሲደረደሩ ሦስት አራተኛው ላይ የሚገኘውን ቁጥር፤ ጽሑፉ ጥቁርና ጥቂት ስለሆነ ከታች ይቀራል።

```python
img = cv2.imread("page.png", 0)
p = np.percentile(img[:, x0:x1], 75, axis=1)
p = scipy.signal.medfilt(p, 9)
dark = p < 244
cuts = np.flatnonzero(np.diff(dark.astype(int))) + 1
```

`x0` እና `x1` የሰንጠረዡ ግራና ቀኝ ጠርዝ ናቸው። ኅዳጉን አታስገቡ፣ ነጭ ስለሆነ ግራጫውን ይውጠዋል። 244 የ250 እና የ238 መሃል ነው፤ በእናንተ ገጽ ከራሱ ከ`p` አውጡት። `cuts` ድንበሮቹ ናቸው። በስልክ የተነሳ ፎቶ ከሆነና ጥላ ካረፈበት ግን አንድ ወሰን ለገጹ ሁሉ አይሠራም፤ የገጹ አንድ ጫፍ ነጩ ራሱ ከሌላው ጫፍ ግራጫ ሊጠቁር ይችላል። ያኔ እያንዳንዱን የ`p` ነጥብ ከአካባቢው የ`p` አማካይ ጋር አወዳድሩ፣ አማካዩ የሚወሰድበት ርዝመት ቢያንስ አንድ ነጭና አንድ ግራጫ ይያዝ።

በነገራችን ላይ ቅቡ ሁልጊዜ ግራጫ አይደለም። ፈዛዛ ቢጫ (255, 255, 224) ወደ ግራጫ ሲቀየር 251 ወይም 252 ገደማ ይሆናል፣ ከነጩ የሚለየው በ4 ያህል ብቻ ነው። ሰማያዊውን ቻናል ብቻውን ብታዩት ግን ልዩነቱ 31 ነው። በቀለም የመጣላችሁን ምስል ወደ ግራጫ ከመቀየራችሁ በፊት ሦስቱን ቻናሎች እዩአቸው።

አሁን በጣም የምወደው ምልክት። የረድፎቹ ቁመት 47 ፒክስል መሆን ሲገባው ውጤቱ 59፣ 35፣ 59፣ 35 እያለ ቢመጣ ኮዱን አትነካኩ። ገጹ ዘንበል ብሏል። ሰንጠረዡ 1400 ፒክስል ስፋት ካለው አንድ ዲግሪ ዘንበል ማለት ግራና ቀኙን በ24 ፒክስል ያለያያል። በዚያ 24 ውስጥ አንድ አግድም ረድፍ ግማሹ ነጭ ግማሹ ግራጫ ይሆናል፣ የ75 ፐርሰንታይል ደግሞ ሩቡ ነጭ ከሆነ «ነጭ ነው» ይላል። ለዚህ ነው ነጩ በ12 የሚወፍረው፣ ግራጫው በ12 የሚከሳው። ሰንጠረዡን በቁሙ አራት ቦታ ቆርጣችሁ ለየብቻ አስሉት። ያው ድንበር ከግራው ቁራጭ እስከ ቀኙ በ18 ፒክስል ከተንሸራተተ አንዱን ዲግሪ አገኛችሁት፤ ምስሉን አሽከርክሩና ድገሙት።

ከተስተካከለ በኋላም ድንገት ቁመቱ 94 ፒክስል የሆነ ባለ አንድ ቀለም ክፍል ብቅ ይላል። ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንድም የታጠፈ ጽሑፍ ነው፣ ያ ጤነኛ ነው። አንድም ሁለት ነጭ ረድፎች ተያይዘዋል። ይህኛው የሚመጣው ሰውዬው ስፕሬድሺቱን በእጁ ቀብቶ ካበቃ በኋላ መሃል ላይ ያለውን ግራጫ ረድፍ ሲደብቀው ወይም ሲሰርዘው ነው። ከቀለሙ ብቻ ልትለዩት አትችሉም። የማይታጠፍ አምድ ፈልጉ፦ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ የገንዘብ መጠን። በዚያ 94 ውስጥ አንድ ተራ ቁጥር ካለ ተዉት። ሁለት ካለ በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ቁረጡት።

የመጨረሻው ረድፍ ነጭ ሲሆን ደግሞ ታች ድንበር የለውም፤ ሰንጠረዡ አልቆ ወረቀቱ ሲቀጥል ቀለሙ ያው ነጭ ነው። `cuts` ያለ እሱ ያልቃል፣ ብዙ ጊዜም የጠቅላላ ድምሩ ረድፍ ነው ሳይታይ የሚቀረው። ከመጨረሻው ግራጫ በታች ያለውን ጽሑፍ ተከተሉ። ከአምዶቹ ጋር ተሰልፎ ከተቀመጠ የሰንጠረዡ ነው፣ ከጽሑፉ በታችም የሌሎቹን ረድፎች ያህል ክፍተት ጨምራችሁ ዝጉት። ከአንድ አምድ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ የሚያልፍ ከሆነ የግርጌ ማስታወሻ ነው፣ ከውጭ ይቅር። ይህችን ድንበር ውጤቱ ላይ «በግምት» ብላችሁ ምልክት አድርጉባት፤ ከሌሎቹ በተለየ ከቀለም አልመጣችም፣ ቀጥሎ የሚያጣራው ሰው ይህን ማወቅ አለበት።