ግሬድ 3 ማለት ሦስተኛ ደረጃ ማለት አይደለም

«ሰላም ቤተሰብ። እናቴ የጡት ቀዶ ጥገና አድርጋ የፓቶሎጂ ውጤት መጣልን። ግሬድ 3 ይላል፣ ከሥሩ pT2 pN1a pMx ተጽፏል። ወንድሜ ሦስተኛ ደረጃ ደርሷል ብሎ ቤቱ ሁሉ ለቅሶ ነው። ቀጠሮው ገና ሳምንት አለው። የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ።»

እህቴ፣ እግዚአብሔር እናትሽን ይማርልሽ። ወንድምሽ የተሳሳተበት ቦታ እኛንም አሳስቶናል፣ እኛን ግን በተቃራኒው ነው።

የታላቅ እህቴ ወረቀት ግሬድ 1 ይል ነበር። «አንደኛ ደረጃ ነው፣ ተመስገን» ተባባልን። ቀዶ ጥገናው ከተሠራ ኬሞ ምን ያደርጋል ብለን የሐኪሙን ቀጠሮ አምስት ሳምንት አሳለፍነው። በኋላ ኦንኮሎጂስቱ ወረቀቱን ሲያነብ ለካ ሦስተኛ ደረጃ ነው። ከብብቷ ከወጡት 12 ንፍፊቶች 5ቱ ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። እሱ እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፣ እኛ ግን ያየነው ቁጥር 1ን ብቻ ነው።

ችግሩ ሁለቱንም በአማርኛ «ደረጃ» ማለታችን ነው። ግሬድ የሚናገረው ስለ ካንሰሩ ጠባይ ነው። ስቴጅ ደግሞ የት ድረስ እንደሄደ ነው።

ግሬዱን ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ አይቶ ይሰጣል። ለጡት ካንሰር ሦስት ነገር ያያል፦ ህዋሶቹ እንደ ጤናማ ጡት የቱቦ ቅርጽ እየፈጠሩ ነው ወይ፣ አስኳላቸው ምን ያህል ተዛብቷል፣ ስንቶቹ እየተከፈሉ ነው። ለእያንዳንዱ ከ1 እስከ 3 ነጥብ ይሰጥና ይደመራል። ከ3 እስከ 5 ከሆነ ግሬድ 1፣ 6 ወይም 7 ከሆነ ግሬድ 2፣ 8 ወይም 9 ከሆነ ግሬድ 3። ወረቀታችሁ ላይ ኖቲንግሃም የሚል ቃልና እንደ 3+3+2=8 ያለ ነገር ካለ እሱ ነው። የጡት ግሬድ 3 ላይ ያበቃል፣ 4 የለውም። ስለዚህ የእናትሽ ዕጢ ቶሎ ቶሎ የሚባዛ ዓይነት ነው፣ ይህን ላቅልልልሽ አልችልም። ግን ግሬዱ ብቻውን ካንሰሩ ተሰራጭቷል ማለት አይደለም። ቶሎ የሚባዛ ህዋስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኬሞ የሚመታው እሱን ነው።

አሁን ወደ ፊደሎቹ። ትንሿ p ከቀዶ ጥገና በወጣው ሥጋ ላይ ተለካ ማለት ነው። T የዕጢው ስፋት ነው፤ T2 ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ 5 ያላለፈ ነው። N የንፍፊት ነው። N1a ሲል ከብብት ንፍፊቶች ከ1 እስከ 3 ድረስ ተነክተዋል ማለት ነው። ወረቀቱ ውስጥ እንደ 2/14 ያለ ነገር ፈልጊ፣ የታችኛው የተመረመረው፣ የላይኛው ካንሰር የተገኘበት ነው። የእህቴ 5/12 ስለነበር N2 ሆነ፣ N2 ከ4 እስከ 9 ነው።

ከግሬዱ ሌላ ቤታችሁን ሊያስደነግጥ የሚችለው M ይመስለኛል። M ካንሰሩ ወደ ሳንባ፣ ጉበት፣ አጥንት ሄዷል ወይ የሚለው ነው። x ደግሞ «አልታወቀም» ነው እንጂ «ሄዷል» አይደለም። ፓቶሎጂስቱ የተላከለትን ሥጋ እንጂ የእናትሽን ሳንባ አላየም፣ ከየት አምጥቶ ይጻፈው? እሱን የሚመልሰው ሐኪሙ የሚያዘው ሲቲ ስካን ወይም ሌላ ምርመራ ነው። እሱ ንጹህ ከሆነ T2 እና N1 አንድ ላይ ሁለተኛ ደረጃ ነው፣ ስቴጅ 2ቢ ይሉታል። ሐኪሞች አሁን አሁን ግሬዱንና የሆርሞን ምርመራውን ጨምረው ስለሚያሰሉ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፣ ሌላ ቁጥር ከነገሩሽ አትደንግጪ።

እስከ ቀጠሮው አንድ ሥራ አለሽ። ወረቀቱ ላይ ER እና PR የሚሉ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራዎች፣ HER2 የሚል የፕሮቲን ምርመራም ውጤቶች መኖራቸውን እዪ። ለእናትሽ የትኛው መድኃኒት እንደሚሰጥ በዋናነት በእነሱ ይወሰናል። ከሌሉ ናሙናው የተቀመጠበትን የፓራፊን ብሎክ ከላብራቶሪው ጠይቂ። እኛ ብሎኩን ይዘን ሌላ ላብራቶሪ ሄደን ነው ያሠራነው፣ አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ለሕክምናው ሌላ ሁለት ሳምንት ጠበቅን።

ለወንድምሽ ግሬድ 3 እና pMx የሚሉትን በጣትሽ አሳይተሽ አስረጂው። የንፍፊቱን ቁጥር ስታገኚ ጻፊልኝ፣ አብረን እናየዋለን።