ሁለት ፕሮሰስ፣ አንድ አድራሻ

«በ fork() ልጅ ፕሮሰስ ፈጠርኩ፤ ልጁ x ላይ 9 ጻፈ። ወላጁ ጋ አሁንም 5 ነው። የ x አድራሻ ግን ሁለቱም ጋ 0x601a10 ብሎ ወጣ። እንዴት ይሆናል?»

ወንድሜ፣ ያየኸው የራም አድራሻ አይደለም፤ ቨርቹዋል አድራሻ ነው። የቤት ቁጥር 215 ደብረ ብርሃንም ሸዋ ሮቢትም ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቤቱ ግን ሌላ።

አድራሻውን ለሁለት ክፈለው። ሜሞሪ የሚከፋፈለው ፔጅ በሚባሉ እኩል ቁራጮች ነው። አንድ ፔጅ አብዛኛውን ጊዜ 4096 ባይት ስለሆነ፣ መጨረሻ ያሉት ሦስት አሃዞች (a10) በፔጁ ውስጥ ያለውን ቦታ ያሳያሉ። 0x601 ደግሞ የፔጁ ቁጥር ነው። ፕሮሰሰሩ ይህን ቁጥር በፔጅ ቴብል ፈልጎ ፔጁ ራም ላይ የተቀመጠበትን ቦታ፣ ማለትም ፍሬሙን ያገኛል። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱ ቴብል አለው። ፕሮሰሰሩን የመጠቀም ተራ ከአንዱ ፕሮሰስ ወደ ሌላው ሲያልፍ ከርነሉ ቴብሉንም አብሮ ይቀይራል።

አሁን ደስ የሚለው ነገር ይመጣል። fork() እንዳለቀ ሁለቱም ቴብሎች የሚያመለክቱት ያንኑ አንድ ፍሬም ነበር! ከርነሉ ግን ለንባብ ብቻ ብሎ ቆልፎታል። ልጁ 9 ሊጽፍ ሲል ፔጅ ፎልት ይነሳል፤ ማለትም ፕሮሰሰሩ ጽሕፈቱን አቁሞ ጉዳዩን ለከርነሉ ያስረክባል። ከርነሉ 4096ቱን ባይት ወደ አዲስ ፍሬም ይገለብጣል፣ የልጁን ቴብል ያስተካክላል፣ ያቺኑ ትእዛዝ እንደገና ያስኬዳል። ፕሮግራምህ ምንም አይሰማውም።

በዓይንህ ለማየት ሁለቱንም በ sleep አቆያቸውና ሊኑክስ ላይ /proc/PID/pagemap አንብብ። ሩት ሆነህ አንብበው፤ አለበለዚያ የፍሬሙ ቁጥር ዜሮ ሆኖ ይታይሃል።