የፓሪስ ልብስ ሰፊዎች የሰባበሯቸው መኪናዎች

«ልብስ ሰፊዎች የመጀመሪያዎቹን የስፌት መኪናዎች ሰባበሩ የሚባለው እውነት ነው? አዲስ ነገር ስለፈሩ ነው?»

አዎ እውነት ነው፤ ግን ፍርሃቱ የእንጀራ ነበር። መኪናውን የሠራው ባርተለሚ ቲሞኒዬ ራሱ ልብስ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ፣ ከዚያ ፓሪስ ውስጥ 80 ያህል መኪና ይዞ የወታደር ልብስ መስፋት ጀመረ።

ነገሩ እዚህ ጋ ነው። ሰፊው የሚከፈለው በሰፋው ልክ ነው፤ የወታደር ልብስ ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ረጅም ቀጥ ያለ ስፌት የበዛበት፣ ብዙ እጅ የሚያሠራ ሥራ ነው። መኪናው መጀመሪያ የነጠቃቸው እሱኑ ነው። በ1831 መጀመሪያ ላይ ሰፊዎቹ ተሰብስበው ገቡና መኪናዎቹን አደቀቋቸው። አብዛኛው አካሉ እንጨት ስለነበር ለመሰበር አያስቸግርም። እኔ አልፈርድባቸውም፤ ለነገ ምን ትበላላችሁ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

መኪናው ራሱም ጉድለት ነበረው። በእግር ሲረገጥ፣ እንደ ኪሮሽ ጫፉ የተቆለመመ መርፌ ጨርቁን በስቶ አንዱን ክር እየሳበ ቀለበት በቀለበት ያያይዛል። ይህ ሰንሰለት ስፌት ነው። የጤፍ ወይም የሲሚንቶ ጆንያ አፍ ፈትተህ ታውቅ ይሆናል፤ ትክክለኛውን ጫፍ ካገኘህ አንዴ ስትስበው ተርርር ብሎ ያልቃል። እንደዚያው ነው። ዛሬ ቤት ያለው መኪና የማይተረተረው ከላይና ከታች ሁለት ክር ስለሚያቆላልፍ ነው፤ እሱ የተስፋፋው ከ1840ዎቹ መጨረሻ በኋላ ነው።

ቲሞኒዬ በ1857 በድህነት ሞተ።