ድምፁ የተሰጠው ለየትኛው ጥያቄ ነው? ለሕግ ተማሪዎች የተጻፈ ደብዳቤ

ውድ ልጆቼ፣

ከዳኝነት ሥራ ከተሰናበትኩ ወዲህ የሕግ ተማሪዎች ስታገኙኝ በጁሪ፣ በሦስት ዳኞች ወይስ በአንድ ዳኛ መዳኘት ይሻላል ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። የትኛው ይሻላል ከማለታችን በፊት ግን በእያንዳንዱ ሥርዓት ድምፅ የሚሰጠው ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነና እንዴት እንደሚቆጠር ማወቅ ይገባናል። ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን፣ ጀማሪ ዳኛ ሳለሁ በግራ ዳኝነት ከተቀመጥኩበት አንድ መዝገብ ነው።

ነገሩ የሌሊት ጠብ ነበር። አንድ ሰው በዱላ ራሱን ተመትቶ ክፉኛ ቆስሏል። ተከሳሹ «እኔ አልመታሁትም» ብሎ ክዷል፤ ጠበቃው ደግሞ «መታ ቢባል እንኳ ተጎጂው ድንጋይ አንሥቶ ስለመጣበት ራሱን ለመከላከል ነው» ሲል በአማራጭ ተከራከረ። ስለዚህ መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ፤ የመታው እሱ ነው ወይ? ከሆነስ በሕጋዊ መከላከል ነው ወይ?

ለምክክር ስንገባ ሰብሳቢው ዳኛ አስቀድመው የጠየቁት እኔን ነበር። እኔም መምታቱ ተረጋግጧል፣ ነገር ግን ድንጋዩን ያየው ምስክር እውነቱን ስለመሰለኝ ራሱን ሲከላከል ነው፣ ስለዚህ ይለቀቅ አልኩ። የቀኝ ዳኛው በጨለማ ፊት ለየሁ ያለውን ምስክር አላመኑትም፤ የመታው ሰው ማንም ይሁን ማን በመከላከል ላይ እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነበሩ፤ እሳቸውም ይለቀቅ አሉ። ሰብሳቢው ደግሞ መትቷል፣ መከላከልም አልነበረም፣ ስለዚህ ጥፋተኛ ነው አሉ።

ሁለት ለአንድ ስለሆነ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ሰብሳቢው ግን ወረቀት ስበው ሁለቱን ጥያቄዎች ለየብቻ ጻፉና ድምፃችንን በየሥራቸው አሰፈሩ። መምታቱን እኔና እሳቸው አምነናል፤ ሁለት ለአንድ። መከላከል አለመኖሩን እሳቸውና የቀኝ ዳኛው አምነዋል፤ ሁለት ለአንድ። በጥያቄ በጥያቄው ሲቆጠር፣ በውጤት ሲቆጠር ነፃ የነበረው ያው ሰው ጥፋተኛ ይሆናል። አንዳችንም ሐሳባችንን ሳንለውጥ የአቆጣጠሩ መንገድ ብቻ የሰውየውን ዕጣ ገለበጠው።

በወንጀል ጉዳይ ድምፅ መቆጠር ያለበት በውጤቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ከሦስታችን ተከሳሹን በእርግጥ ጥፋተኛ ነው ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። የአንዱን ዳኛ አንድ ግማሽ ከሌላው ዳኛ ሌላ ግማሽ ጋር ሰፍቶ ሰውን ማሰር፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ያላመነበትን ፍርድ መስጠት ነው። ይሁንና አገሮች በዚህ ላይ አይስማሙም። በጀርመን ሕግ የጥፋተኝነት ጥያቄ ሕጋዊ መከላከልን የመሰለውን ኃላፊነት የሚያስቀር ምክንያት ጭምር ይዞ እንደ አንድ ጥያቄ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ተከሳሹን ጥፋተኛ ለማለትም ከድምፁ ሁለት ሦስተኛው ያስፈልጋል። በፈረንሳይ ከባድ ወንጀሎችን በሚያየው ችሎት ግን እንዲህ ያለ መከራከሪያ ሲነሣ «ድርጊቱን ፈጽሟል ወይ?» እና «ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው ምክንያት አለ ወይ?» የሚሉት ጥያቄዎች ለየብቻ ይቀርባሉ። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዚያ ችሎት በመጀመሪያ ደረጃ የሚቀመጡት ሦስት ዳኞችና ስድስት የሕዝብ ተወካዮች ሲሆኑ፣ ዛሬ ተከሳሹን የሚጎዳ መልስ ለመስጠት ከዘጠኙ ሰባት ድምፅ ይጠየቃል፤ ድምፁ የሚሰጠው በምሥጢር ነው፣ ባዶ ወረቀትም ለተከሳሹ ይቆጠራል።

አሁን ያንኑ መዝገብ በዕጣ ለተመረጡ ዐሥራ ሁለት የጁሪ አባላት እንስጠው። አምስቱ እንደ ሰብሳቢያችን ጥፋተኛ ነው አሉ እንበል፤ አራቱ ማንነቱ አልተረጋገጠም፣ ሦስቱ ደግሞ ራሱን ተከላክሏል አሉ። በእንግሊዝ ጁሪው አስቀድሞ በሙሉ ድምፅ እንዲስማማ ይጠየቃል፤ ካልሆነለት ቢያንስ ከሁለት ሰዓት ምክክር በኋላ ዳኛው ዐሥር ለሁለት የሆነ ውሳኔ ሊቀበል ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የምትስቱት ነገር አለ። ዐሥር ድምፅ የሚያስፈልገው ጥፋተኛ ለማለት ብቻ ሳይሆን ነፃ ለማለትም ነው። ሰባት ለአምስት ስለዚህ ነፃ መውጣት አይደለም፤ ጁሪው መወሰን ስላልቻለ ይሰናበታል፣ ጉዳዩም በሌላ ጁሪ ፊት እንደገና ሊታይ ይችላል። በእኛ ችሎት ነፃ የወጣው ሰው በዚያ ሥርዓት ክሱ ገና ከራሱ ላይ አልወረደም። በአሜሪካ ደግሞ ሉዊዚያናና ኦሪገን በዐሥር ለሁለት ይፈርዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በከባድ ወንጀል ሰውን ጥፋተኛ ለማለት የጁሪው ሙሉ ድምፅ ግድ ነው ብሎ ይህን አስቀረ።

ጁሪው ቢስማማ ደግሞ የምንሰማው አንድ ቃል ነው። አራቱ በማንነቱ፣ ሦስቱ በመከላከሉ መጠራጠራቸውን ማንም አያውቅም። ይህ ዝምታ መነሻ አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1670 በለንደን ዳኞች የፈለጉትን ውሳኔ ያልሰጡ የጁሪ አባላት ተቀጥተው ታስረው ነበር፤ ከመካከላቸው ቡሼል የተባለው አቤት ብሎ፣ የጁሪ አባል በሰጠው ውሳኔ ሊቀጣ እንደማይገባ ተፈረደ። ምክንያቱን እንዲያስረዳ የማይገደድን ሰው በምክንያቱ ማስፈራራት ያስቸግራልና እኔ ይህን ጥበቃ አላቃልለውም። ዋጋው ግን በተፈረደበት ሰው ላይ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ታክስኬ በተባለው የቤልጂየም ጉዳይ ያየው ይህንኑ ነው። ለጁሪው ከቀረቡት ሠላሳ ሁለት ጥያቄዎች አመልካቹን የሚመለከቱት አራት ብቻ ነበሩ፤ መልሱም «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ስለነበር ሰውየው ለምን እንደተፈረደበት ሊረዳ አልቻለም፤ ፍርድ ቤቱም ፍትሐዊ የመዳኘት መብቱ ተጥሷል አለ። ጁሪ መኖሩን ግን አልነቀፈም።

አንድ ዳኛ ብቻውን ሲቀመጥ የድምፅ ቆጠራ ችግር የለበትም፤ ሁለቱ ጥያቄዎች በአንድ ራስ ውስጥ ናቸው። የእሱ አደጋ ውሳኔው ከምክንያቱ መቅደሙ ነው። እኔ ራሴ ብቻዬን በማስችልበት ዘመን፣ ተከሳሹ በችሎት ያሳየውን ድፍረት ጠልቼ ጥፋተኝነቱን በልቤ ወስኜ ከጨረስኩ በኋላ ፍርድ የጻፍኩበት መዝገብ አለ። የምስክሮቹን ቃል ሦስት ገጽ ገለበጥኩ፤ ከዚያ «ስለሆነም ጥፋተኛ ነው» ብዬ ዘጋሁት። አንዱን ምስክር አምኜ ሌላውን ለምን እንዳላመንኩ የሚናገር አንድም ዐረፍተ ነገር አልነበረበትም። ይግባኝ ሰሚው ችሎት ፍርዱን ሽሮ መለሰው፤ ትክክል ነበር። የምስክር ቃል ከተዘረዘረ በኋላ ምዘና ሳይኖር «ስለሆነም» የሚል ፍርድ ስታዩ፣ ጸሐፊው ቀድሞ ወስኖ እንደሆነ ጠርጥሩ።

ሦስት ሲሆኑ እንዲህ ያለውን ስሕተት የሚያይ ሌላ ዓይን አለ፤ ሁለቱ ሰብሳቢያቸውን ዝም ብለው የሚከተሉ ከሆነ ግን ሦስት ወንበር ላይ የተቀመጠው አንድ ዳኛ ነው። በጀርመን ሕግ የሕዝብ ተወካዮች ከዳኞች ቀድመው፣ ታናሹ ከታላቁ ቀድሞ፣ ሰብሳቢው ከሁሉም በኋላ ድምፅ የሚሰጡት ይህን ለመከላከል ነው። የእኔ ሰብሳቢ ያን ዕለት እኔን ያስቀደሙትም ለዚሁ ነበር፤ እሳቸው አስቀድመው «ጥፋተኛ ነው» ቢሉ ኖሮ ያንን የድንጋይ ምስክር አምኜዋለሁ ለማለት የምደፍር አይመስለኝም። ወደ ምክክር የምትገቡበት ቀን ሲመጣ፣ ማንም አፉን ሳይከፍት ለእያንዳንዱ ጥያቄ ያላችሁን መልስ በወረቀት ጽፋችሁ ግቡ።

ያ ተከሳሽ በአብላጫ ድምፅ ተለቀቀ። ሰብሳቢው የልዩነት ሐሳባቸውን በሁለት ገጽ ጻፉ፤ እኔና የቀኝ ዳኛው ደግሞ በውጤቱ እንጂ በምክንያቱ እንዳልተስማማን በፍርዱ ላይ ለየብቻ እንድናሰፍር አዘዙን። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ቢል፣ የበላዩ ችሎት የትኛው ጥያቄ ላይ ማን ምን እንዳለ ከፍርዱ ሊያነብ ይገባዋል አሉን።