ከግቢው ፎቶ እስከ ወፉ ስም

«ልጄ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የማያውቀውን ወፍ ፎቶ አንስቶ መጣ። ምን ወፍ እንደሆነ እንዴት ነው የምናውቀው?»

የእህቴ ልጅ አምስተኛ ክፍል ሳለች ይኸው ነገር ገጥሟት አብሬያት ፈልጌያለሁ። ትምህርት ቤቷ እንጦጦ ግርጌ ነው። ክረምቱ እንደወጣ፣ ሳሩ ገና እርጥብ ሳለ፣ አንድ ትልቅ ጥቁር ወፍ ሜዳው ላይ ምንቃሩን መሬት ውስጥ እየሰካ ትል ሲለቅም አየችና በመምህሯ ስልክ አነሳችው።

ፎቶው በቴሌግራም ሲደርሰን ደብዝዞ ነበር። በፋይል መልክ እንደገና አስላክን፤ ያኔ ስናጎላው ላባው ሁሉ ታየ።

«ጥቁር ወፍ» ብሎ መፈለግ ቁራ በቁራ ያደርጋል። ስለዚህ ከምንቃሩ ጀመርን። ረጅም ነው፣ እንደ ማጭድ ወደ ታች ጎብጧል። ይህ የአይቢስ ቤተሰብ ነው። ነጩ አይቢስ በቀለሙ ወዲያው ከዝርዝሩ ወጣ። የውሃ ዳሩ ግሎሲ አይቢስም ቀጭንና ቅልጥመ ረጅም ነው፤ የእኛው ግን ደልደል ያለ ነው። ሁለት ቀሩ፦ ሀዳዳና ዋትልድ አይቢስ።

ልጅቷ «ሀዳዳ ነው!» ብላ ድርቅ አለች። «እሺ፣ ሀዳዳ ከሆነ ምን መታየት አለበት?» አልኳት። ፈልጋ አገኘችው፦ ጉንጩ ላይ ነጣ ያለ መስመር፣ የላይኛው ምንቃር ላይ ቀይ ቀለም፣ ክንፉ ላይ ግን ምንም ነጭ የለም። በፎቶው ላይ ጭንቅላቱ ጥላ ውስጥ ነው። ክንፉ ላይ ነጭ ነገር አለ፤ ግን ፀሐይዋ ከባድ ነበረች፣ የሚያብረቀርቅ ላባ ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ነጭ ይመስላል። በዚያ አንድ ፎቶ መፍረድ አይቻልም ነበር።

ወፎቹ ወደ ሜዳው መመላለሳቸው ጠቀመን። ሲነሱ ጠብቂ፣ ጣትሽን ከቁልፉ ሳታነሺ አከታትለሽ አንሺ አልኳት። የተከታተሉት ፎቶዎች ነገሩን ቆረጡት። ክንፉ ሲነሳም ሲወርድም ነጩ ቦታ ትከሻው አካባቢ እንዳለ ነው። የፀሐይ ነጸብራቅ ቢሆን ኖሮ ከክንፉ ጋር በተለዋወጠ፣ በአንዱ ፎቶ ታይቶ በሌላው በጠፋ ነበር። ዋትልድ አይቢስ ነው፤ በዓለም ላይ በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ብቻ የሚኖር ወፍ!

ከዚያ በኋላ አንዱን ፎቶ አጉልታ ከጉሮሮው ስር የተንጠለጠለችውን ቀጭን ሥጋ ራሷ አገኘች። «ዋትልድ» የሚለው የእንግሊዝኛ ስሙም የመጣው ከዚህች ነው። ጫጩትነቱን ያልጨረሰ ወፍ ግን ይህች ሥጋ የለችውም፤ ስለዚህ አለመታየቷ ብቻውን «አይደለም» አያሰኝም። የክንፉ ነጭ ይበልጥ ያስተማምናል። ሲበሩ የሚያሰሙት ሻካራ ጩኸትም ከሩቅ ይለያቸዋል።

የልጅዎን ፎቶ እዚህ ሲለጥፉ ሳይቆርጡ በፋይል ይላኩት፤ ምንቃሩ በጎን የሚታይበት ቢሆን ይመረጣል። ቦታውንና ወሩን፣ ወፉ ምን ሲያደርግ እንደነበርም ይጻፉ። እየበረረ ያነሳው ካለ መጀመሪያ እሱን ያሳዩን።