ርዕሴ ተበልቷል ወይ? የማስተርስ ጥናት ርዕስ ላይ ጥያቄና መልስ

የማስተርስ ፕሮፖዛል ማንበብ ከጀመርኩ ቆየሁ። ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ፤ ርዕስ የያዛችሁ ጠይቁ።

የማታ ተማሪ፦ «በአዲስ አበባ የቴሌብር አጠቃቀምን የሚወስኑ ምክንያቶች» ብዬ ይዣለሁ። ጎግል ላይ ቴሌብር እያልኩ ስፈልግ ብዙም አላገኘሁም። አዲስ ነው ማለት ነው?

አይመስለኝም። ቴሌብር ሥራ የጀመረው ግንቦት 2013 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራው ጥናት በዚህ ስም አይወጣልሽም። ጥያቄው ግን ያኔም ነበር፤ ስሙ «ሞባይል ባንኪንግ» ነበር እንጂ። ጥናቶቹ የሚጻፉትም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የጥናት ማከማቻ ጎግል ላይ እንዲህ እያልሽ ፈትሺው፦

```
site:etd.aau.edu.et "mobile banking" adoption
site:etd.aau.edu.et "mobile money" acceptance
site:etd.aau.edu.et telebirr
```

ከዚያ ርዕስ አትቁጠሪ። አሥሩን ክፈቺና ከእያንዳንዱ ሦስት ነገር ወረቀት ላይ አስፍሪ፦ ማን ተጠየቀ፣ በየትኛው ሞዴል፣ መረጃው በምን ተሰበሰበ። «ደንበኛ፣ ቴክኖሎጂን የመቀበል ሞዴል፣ መጠይቅ» እያለ ከላይ እስከ ታች ከወረደ፣ አዎ፣ ተበልቷል።

አንድ ምልክት ልጨምርልሽ። የተጠያቂው ቁጥር 384 ሲሆን ልብ በይ። የናሙና መጠን የሚወሰንበት ቀመር፣ 1.96² × 0.5 × 0.5 ÷ 0.05²፣ ሲሰላ 384.16 ስለሚመጣ ነው። ቀመሩ ጥፋት የለበትም። ግን ያው 384፣ ያው መጠይቅ፣ ያው «ጠቃሚና ቀላል ስለሆነ ይጠቀሙበታል» የሚል ውጤት ተደጋግሞ ካየሽ፣ ያንቺም መልስ ሳትጀምሪው ታውቋል።

ከደብረ ብርሃን፦ እኛ ከተማ ላይ ማንም አልሠራውም። ይሄ ክፍተት አይደለም?

ግማሹ ልክ ነው። ቦታው መልሱን የሚቀይርበት ምክንያት ካለህ ክፍተት ነው። ለምሳሌ የገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሻጭ ብሩን በእጁ ካልያዘ አልሸጥም የሚል ከሆነ፣ እሱን ይዘህ ና። የከተማውን ስም ብቻ ከቀየርክ ግን ፈታኙ «ታዲያ እዚያ ምን የተለየ ነገር አለ?» ብሎ ያፋጥጥሃል።

ተመራቂ፦ ቱርኒቲን 12 ፐርሰንት ነው ያለኝ። ርዕሴ ኦሪጅናል ነው አይደል?

እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። የሚለካው ጽሑፍህ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ነው። ሺህ ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ በራስህ ቃል ብትጽፈው ዝቅተኛ ቁጥር ያወጣልሃል።

ባለ ታክሲ፦ እኔ ተማሪ አይደለሁም። ቴሌብር የከፈትኩት ነዳጅ ለመቅዳት ተገድጄ ነው። እናንተ እኔን ምን ብላችሁ ትጽፉኛላችሁ?

የዛሬ ማታ ምርጡ ጥያቄ ይሄ ነው። ቴክኖሎጂን የመቀበል ሞዴሉ ሰው ወዶና መርጦ እንደሚጠቀም ይገምታል። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲሆን የተደረገው በ2015 ነው። አንተን «ለመጠቀም ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅ ቀልድ ነው። «ከማደያው ስትወጣስ በምን ትከፍላለህ?» ማለት ግን ጥያቄ ነው። ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ብዕር አንሱ።

የማታ ተማሪ፦ እሺ፣ እኔስ ምን ልጠይቅ?

ወረቀትሽ ላይ ያልተጠየቀው ማነው? ተቀባዩ። ሰፈርሽ ሱቅ ሂጂና ግማሽ ሰዓት ቁሚ። ስልክ ቁጥሩ በካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ቁጥሩ ግን የባለሱቁ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ አሁን ሱቁ ውስጥ የለም። ደንበኛው «ልኬያለሁ» ብሎ ስልኩን ያሳያል። ሱቁን የያዘው ልጅ ደግሞ ለባለሱቁ ይደውላል፦ «ጋሼ፣ ገባ?» ደንበኛው ዳቦውን እንደያዘ ይጠብቃል።

ጥያቄሽ እዚህ አለ፦ ገንዘቡ መግባቱን ሱቁ በምን ያረጋግጣል? ሳይገባ ዕቃው ከሄደስ ኪሳራው የማን ነው፣ የባለሱቁ ወይስ የልጁ? ርዕሱ ያው ቴሌብር ነው። የተቀየረው የምትጠይቂው ሰውና የምትጠብቂው መልስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ባዶ ቦታ ያገኘሽው መረጃው ስለማይገኝ ሊሆንም ይችላል። ፕሮፖዛል ከመጻፍሽ በፊት አምስት ሱቅ ሞክሪ።

አስተማሪ ነኝ፦ አልስማማም። መድገምም ሳይንስ ነው። የማስተርስ ተማሪ ዘዴውን በትክክል ከሠራ ይበቃዋል።

ሆን ብሎ «ይህን ጥናት እደግማለሁ፣ ውጤቱ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ አያለሁ» ለሚል ተማሪ እኔም እፈርማለሁ። ሳያውቅ የሚደግመው ነው የቸገረኝ። ማስተርስ ላይ ምን ያህል አዲስነት እንጠይቅ በሚለው ግን እኛ ክፍል ውስጥም አልተስማማንም።

የማታ ተማሪ፦ አሁን ወርጄ ሦስት ሱቅ ጠየቅኩ። አንዱ በደንብ አወራኝ። አንዱ ሥራ አለብኝ አለ። ሦስተኛው «ከግብር ነው የመጣሽው?» ብሎ ዝም አለ።

ሦስተኛውን አትጣዪው፣ ጻፊው። ስለ ሽያጭ መጠን ምንም አትጠይቂ፤ «ባለፈው ሳምንት ብሩ አልገባም ብለህ የተጨቃጨቅክበት ቀን ነበር?» ብለሽ ጀምሪ። ነገ ሌላ ሰፈር ሁለት ጨምሪና ተመለሺ።