መልስ፦ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ አክሲዮን

«ሲያትል ነው የምሠራው። ካለኝ ሀብት አብዛኛው አርኤስዩ፣ ማለትም መሥሪያ ቤቴ እንደ ክፍያ በየጊዜው የሚሰጠኝ የራሱ አክሲዮን ነው። ብሸጠው ታክሱ አይበላኝም?»

ወንድሜ፣ ዋናው ታክስ የሚታሰበው አክሲዮኑ በስምህ በገባበት ቀን ነው። 100 አክሲዮን በ200 ዶላር ዋጋ ከገባልህ፣ ብትሸጠውም ባትሸጠውም 20,000 ዶላሩ እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። በዚያው ቀን ብትሸጠው ትርፍ ስለሌለው የሚጨመርብህ ታክስ የለም ማለት ይቻላል። ማቆየት ማለት 20,000 ዶላር ጉርሻ በጥሬው ተቀብለህ የአሠሪህን አክሲዮን እንደ መግዛት ነው። ታደርገው ነበር? እኔ አላደርገውም። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ በ2001 ሲከስር ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውንም የጡረታ ቁጠባቸውንም አንድ ላይ አጥተዋል።

ስለዚህ አዲስ የሚገባውን ወዲያው ሽጠህ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘ ሰፊ ኢንዴክስ ፈንድ ግዛበት። ከሽያጩ ግን ጥቂት አስቀር፤ አሠሪዎች ብዙ ጊዜ ለፌዴራል የሚቆርጡት 22 በመቶ ነው፣ የአንተ የታክስ እርከን ከዚያ ከበለጠ ልዩነቱን ሚያዝያ ላይ ትጠየቃለህ።

የቆየውን ደግሞ በጅምላ አትሽጥ። በደላላ ድርጅትህ ገጽ ላይ የትኛው አክሲዮን እንደሚሸጥ መምረጥ ትችላለህ፤ በውድ ዋጋ ከገባው ጀምር፣ ትርፉ ትንሽ ነው። በኪሳራ የምትሸጠው ካለ፣ ከሽያጩ በፊትም ሆነ በኋላ በ30 ቀን ውስጥ አዲስ የሚገባልህ አክሲዮን እንዳይኖር ተጠንቀቅ፤ ካለ ታክስህ ሲሰላ ኪሳራውን ወዲያው መቀነስ አትችልም።